ግሮውዝ ማይንድሴት «በርቺ» ማለት አይደለም

በቅርቡ የእህቴ ልጅ የፈተና ውጤት ካርድ እጄ ገባ። ስድስተኛ ክፍል ናት። ሒሳብ ላይ ከመቶ 41 አግኝታለች። ለመምህሩ አስተያየት በተተወው ቦታ ላይ «ማይንድሴቷን ታሻሽል፤ ጥረት ይጎድላታል» የሚል ተጽፏል። እህቴ «ማይንድሴት ምንድን ነው? ከየት ነው የሚገዛው?» አለችኝ። ቀልድ ነው፣ ግን ቀልዱ ውስጥ ንዴት አለ። ልጅቷ ከጎን ሆና «እኔኮ ሒሳብ ላይ ሰነፍ ነኝ» አለች። ደብተሯን አምጪ አልኳት። ደብተሩ ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል፤ ያልተሠራ የቤት ሥራ ፈልጌ አጣሁ።

ታዲያ ይቺ ልጅ የጎደላት ጥረት ነው? ግሮውዝ ማይንድሴት የሚባለው ሐሳብስ የመምህሩን አስተያየት ይደግፋል? ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

የስታንፎርዷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ድዌክ ለዓመታት የያዘችው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ሰው ስለ ራሱ ችሎታ ምን ያምናል? አንዳንዱ «የማሰብ ችሎታዬ የተሰጠኝ ያህል ነው፣ ብዙም አይለወጥም» ይላል። ሌላው «በትምህርት፣ በተሻለ ዘዴ፣ በሰው እርዳታ ሊያድግ ይችላል» ይላል። ግሮውዝ ማይንድሴት የሚባለው ይህ ሁለተኛው እምነት ነው። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ነገሩ ሲከብድ ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ሲወድቅ «በቃ፣ አቅሜ ይኸው ነው» ብሎ ያነበዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ «ገና አልገባኝም» ብሎ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁሉም ሰው የፈለገውን መሆን ይችላል አይልም፤ ሰዎች በችሎታ እኩል ናቸውም አይልም። የለፋ ሁሉ ያልፋል የሚል ነገርም የለበትም።

ታዲያ «ጥረት» የሚለው ቃል ከየት ገብቶ ነው ዋናውን ቦታ የያዘው? መነሻው በአብዛኛው ክላውዲያ ሙለርና ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ነው። አምስተኛ ክፍል ለሆኑ የአሜሪካ ልጆች የጎደለውን ቅርጽ ፈልጉ የሚል እንቆቅልሽ ሰጧቸው። የመጀመሪያው ዙር መካከለኛ ስለነበር ሁሉም ጥሩ ሠራችሁ ተባሉ። ከዚያ በኋላ ለአንዱ ቡድን «አእምሮህ ብሩህ መሆን አለበት» የሚል ሙገሳ ተሰጠ፣ ለሌላው «በጣም ሠርተህበት መሆን አለበት» ተባለ፣ ሦስተኛው ውጤቱን ብቻ ሰማ። ሁለተኛው ዙር ሆን ተብሎ እንዲከብድ የተደረገ ነው፤ ልጆቹም መጥፎ ሠራችሁ ተባሉ። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው ነው። ብሩህ የተባሉት ልጆች በሦስተኛው ዙር ከመጀመሪያው አነሱ፤ ሠራችሁ የተባሉት ግን ጨመሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የመጨረሻው ክፍል ነው። ልጆቹ ሌላ ትምህርት ቤት ላለ ልጅ ስለ እንቆቅልሹ እንዲጽፉና ውጤታቸውንም እንዲነግሩት ተጠየቁ፤ ስማቸው አይታወቅም። ብሩህ ከተባሉት ውስጥ 38 በመቶ ያህሉ ውጤታቸውን ከፍ አድርገው ዋሹ። ሠራችሁ ከተባሉት የዋሹት ግን 13 በመቶ ያህል ናቸው።

ከዚህ ጥናት ዓለም ሁሉ የወሰደው ትምህርት «ችሎታን አታድንቅ፣ ጥረትን አድንቅ» የሚል ሆነ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሙገሳው የመጣው መቼ ነው? ልጆቹ ከተሳካላቸው በኋላ ነው። ላልተሳካለት ልጅ «ለፍተሃልና ጎሽ» ብሎ መሸኘት እዚህ ሙከራ ውስጥ የለም። «ያልተሳካልህ ስላልለፋህ ነው» ማለትማ ጭራሽ የለም። የኛ ካርድ ላይ የተጻፈው ግን ይህ የመጨረሻው ነው። ጥናቱ ተገልብጦ ነው የደረሰን ማለት ነው።

በአማርኛ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ያንን ሙከራ እዚህ እንሥራው ብንል ሁለቱን ሙገሳዎች እንዴት ነው የምንተረጉማቸው? አፋችን ላይ ቀድሞ የሚመጣው «ጎበዝ!» ነው። ጎበዝ ማለት ብልህ ነው? ታታሪ ነው? ሁለቱም ነው፤ እንዲያውም ደፋርም ይጨመርበታል። ተቃራኒውን እዩት። ሰነፍ ማለት ሥራ የማይወድ ሰው ነው፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን «ሰነፍ ተማሪ» ማለት ዝቅተኛ ውጤት ያለው ተማሪ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ቢያድርም ስሙ አይለወጥም። የእህቴ ልጅ «ሰነፍ ነኝ» ስትል «አልሠራም» ማለቷ አይደለም፤ «አልችልም» ማለቷ ነው። መምህሩ ደግሞ ያንኑ ቃል «አትሠራም» ብሎ ሰማው። ቋንቋችን ችሎታንና ጥረትን በአንድ ቃል ስለሚይዛቸው፣ ውጤቱ ሲወድቅ ልጁ በሁለቱም ይከሰሳል። በዚህ ላይ «ጥረት ሁሉን ይፈታል» የሚል የተሳሳተ ግሮውዝ ማይንድሴት ሲጨመርበት አስቡት።

በእርግጥ ድዌክ ራሷ ይህን አይታለች። በ2015 እ.ኤ.አ. ኤዱኬሽን ዊክ ላይ በጻፈችው ጽሑፍ፣ ሐሳቡ ወደ ጥረት ብቻ እየተጠበበ መምጣቱን ነቅፋለች። ልጁ ሲጣበቅበት የሚያስፈልገው አዲስ ዘዴ መሞከርና ከሌላ ሰው እርዳታ መጠየቅ ጭምር መሆኑን፣ ሐሳቡም መምህራን የልጆችን ውጤት ማነስ በልጆቹ ማይንድሴት እንዲያመካኙበት እንዳልመጣ ተናግራለች። ግን ማረሚያ እንደ መፈክር አይሮጥም፣ ምን ይደረግ።

እሺ፣ በትክክል ሲሠራበትስ ምን ያህል ይጠቅማል? እዚህ ላይ ሐቀኛ መሆን ያስፈልጋል፤ ብዙ አሠልጣኞች ዝም ብለው የሚያልፉት ቦታ ይህ ነውና። ከሚጠቀሱት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቹ በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር ላይ ያወጡት ነው። ወደ 12,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ተሳትፈዋል። በዕጣ የተመረጡት ኮምፒውተር ላይ ሁለት አጫጭር ክፍለ ጊዜ ወሰዱ፣ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ። አእምሮ ከባድ ነገር ሲማር እንዴት እንደሚጠነክር አነበቡ፣ ከእነሱ በኋላ ለሚመጣ ተማሪም ምክር ጻፉ። ሌሎቹ ስለ አእምሮ ሥራ አነበቡ፣ ስለ መለወጡ ግን አልተነገራቸውም። በዓመቱ መጨረሻ፣ ቀድሞ ውጤታቸው ዝቅ ያለ የነበሩት ተማሪዎች አማካይ በአራት ነጥብ መለኪያ በ0.10 ከፍ አለ።

0.10 ምን ማለት ነው? አማካዩ የአራት ትምህርቶች ነው ብንል፣ ከአምስት ተማሪዎች ሁለቱ በአንድ ትምህርት ብቻ ከሲ ወደ ቢ ወጡ፣ የቀሩት ሦስቱ ባሉበት ቀሩ እንደማለት ነው። አንድ ሰዓት ለማይሞላ፣ ምንም ያህል ለማያስወጣ ነገር ይህ የሚናቅ አይደለም። ግን «ሕይወትን የሚለውጥ» እየተባለ በየአዳራሹ የሚሸጠው አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ 101 ትምህርት ቤቶች በገቡበት ሌላ ሙከራ፣ መምህራን ሠልጥነው ለስድስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሲያስተምሩት ተጨማሪ የውጤት ለውጥ አልታየም፤ ለንጽጽር የተያዙት ትምህርት ቤቶችም ብዙዎቹ ሐሳቡን ቀድመው ይጠቀሙበት እንደነበር አይዘነጋ። ተመራማሪዎቹም ገና አልተስማሙም። በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሔት ላይ ሁለት የጥናቶች ግምገማ ጎን ለጎን ወጣ፤ አንደኛው ጥቅሙ ለዜሮ የቀረበ ነው ይላል፣ ሌላኛው ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ይሠራል ይላል።

እኔ ከሁሉም ይበልጥ የምቆምበት ሌላ ውጤት አለ። የዬገር ቡድን ያንኑ የአሜሪካ መረጃ ይዞ በ2022 እ.ኤ.አ. የሒሳብ መምህራኑን እምነት ተመለከተ። መምህሩ ራሱ ችሎታ ያድጋል ብሎ በሚያምንበት ክፍል የተማሪዎቹ የሒሳብ ውጤት ተሻሻለ፤ መምህሩ በማያምንበት ክፍል ግን ያው ሥልጠና ፋይዳ አልታየበትም። ያ ማለት ማይንድሴት ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ይሠራበታል ወይስ አይሠራበትም የሚለው ጥያቄ ነው። «ትችያለሽ» እየተባለች ሁለተኛ ዕድል የማይሰጣት ልጅ «አይለወጥም» ብታምን ተሳሳተች ልንል ነው?

ወደ ደብተሩ ልመለስ። የፈተና ወረቀቷን አንድ በአንድ ስናየው ከሳተቻቸው ጥያቄዎች ዘጠኙ ክፍልፋይ ናቸው፣ ዘጠኙም ላይ ስህተቱ አንድ ነው። 1/2 + 1/3 ሲባል 2/5 ትላለች፤ ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ትደምራለች። የቤት ሥራውም ላይ እንደዚያው ነው፣ ገጽ በገጽ። ጥረቷ ስህተቱን ነበር ሲያለማምዳት የከረመው። ለዚህ ልጅ «በርቺ» ማለት ያንኑ ስህተት በብዛት ሥሪ ማለት ነው።

«ግማሽ ዳቦ አለሽ እንበል፤ እኔ ሲሶ ጨመርኩልሽ። አሁን ያለሽ ከግማሽ ይበልጣል ያንሳል?» አልኳት። «ይበልጣላ!» አለች፣ ጥያቄው እያሳቃት። «2/5ስ ከግማሽ ይበልጣል?» ዝም። ከአምስት ቁራሽ ሁለት መሆኑን ወረቀት ላይ ሳለችው። «ያንሳል እኮ! ተጨምሮልኝ አነሰ?» አለች። ከዚያ ዳቦውን ስድስት ቦታ ቆረጥነው፦ ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ፣ ድምሩ 5/6። ሌሎቹን ስምንት ብቻዋን ሠራች። አንዱን ሳተች፣ ግን መልሱ ከመጀመሪያው ቁጥር ማነሱን ራሷ አይታ አረመችው።

ጎበዝ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «መልስሽን ከግማሹ ጋር ማስተያየትሽ ነው ስህተቱን ያሳየሽ» አልኳት። ረዥምና የማይመች አባባል ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ነገ ወረቀቱ ላይ ምን እንደምታደርግ ይነግራታል፣ «ጎበዝ» አይነግራትም። አንድ ምሽት ያሳየኝ ደግሞ የክፍልፋይ ድምርን ብቻ ነው። የቀሩት ስህተቶቿ ማካፈል ላይ ናቸው፤ እዚያ ምን እንደሚያስቸግራት ገና አላወቅሁም፣ «ማይንድሴት» የሚለው ቃልም አይነግረኝም።

ካርዱ ላይ ለወላጅ የተተወ ሁለት መስመር ነበር። እህቴ ጻፊ ስላለችኝ ልጅቷ የሠራችውን ገጽ ከካርዱ ጋር አያይዤ ሁለት ጥያቄ ጻፍኩበት፦ ክፍልፋዩን እንደገና ብትፈተን ውጤቷ ይታረማል? ክፍሉ ውስጥ 2/5 ያሉ ሌሎች ልጆችስ ስንት ናቸው? ለመጀመሪያው «የትምህርት ቤቱ አሠራር አይፈቅድም» የሚል መልስ መጣ። ሁለተኛውን መምህሩ ሄዶ ቆጠረ፤ ሃያ ሦስት ናቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ዳቦ ይዞ ክፍል መግባቱን ልጅቷ ነገረችኝ።