ማረጋገጫው በርቶ ሳለ የተሰረቀ ቻናል፦ የላይነስ ሴባስቲያን ቪዲዮ ሲፈተሽ

ካናዳዊው ላይነስ ሴባስቲያን ስለ ኮምፒውተር በሚያወራበት «ላይነስ ቴክ ቲፕስ» በተባለው የዩቲዩብ ቻናሉ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተከታይ ነበረው። መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 23, 2023) ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ሲመለከት የቻናሉ ስም ወደ «ቴስላ» ተቀይሯል፣ የኢሎን መስክ የቆየ ንግግር በቀጥታ ስርጭት ይተላለፋል፣ ተመልካቹም የክሪፕቶ ገንዘብ እንዲልክ ይጋበዛል። በማግስቱ ያወጣው «ትናንት ማታ ቻናሌ ተሰረዘ» የተሰኘ ቪዲዮ የዚያን ሌሊት ታሪክ ይተርካል። ስለ ቻናል ጠለፋ ከተሠሩት ውስጥ እስካሁን በጣም ጠቃሚው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግን ለትንሽ ቻናል ባለቤት ዋናውን ነገር ሳይነግረው ያልፋል።

የቪዲዮው ጥንካሬ ግራ መጋባቱን ሳይደብቅ ማሳየቱ ነው። ላይነስ ስርጭቱን ያቆማል፣ የስርጭቱን ቁልፍ ይቀይራል፣ ፓስወርዱን ይቀይራል። ጠላፊዎቹ ግን ተመልሰው ይመጣሉ። የኩባንያው ሌሎች ሁለት ቻናሎችም ተራ በተራ ይወሰዳሉ፣ የዓመታት ቪዲዮዎችም መጥፋት ይጀምራሉ። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ ቻናሎቹን የሚያስተዳድሩት ብዙ ሰዎች ስለነበሩ ሌባው በየትኛው አካውንት እንደገባ አልታወቀም። የተዘጋው በር ሌላ፣ የተገባበት በር ሌላ ነበር።

መግቢያው የተገኘው በኋላ ነው። አንድ የቢሮው ሠራተኛ ስፖንሰር መሆን እፈልጋለሁ ከሚል ሰው ኢሜይል ደርሶት የታጨቀውን ፋይል አውርዶ ፈታው፣ ውል የሚመስለውን ፒዲኤፍም ከፈተው። ምንም ስላልታየው ወደ ሥራው ተመለሰ። በ30 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ግን በብሮውዘሮቹ የተቀመጠው ፓስወርድና ኩኪ ሁሉ ተወስዷል። እዚህ ላይ ቪዲዮው ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር በግልጽ ያስረዳል። ፓስወርድና ኮድ አስገብተን ስንገባ ጎግል ብሮውዘራችን ውስጥ ኩኪ ያስቀምጣል፤ በር ላይ ተፈትሾ የገባ የድግስ እንግዳ እጁ ላይ እንደሚታተምለት ማኅተም ማለት ነው። ኩኪውን የወሰደ ሰው ፓስወርድም ኮድም አይጠየቅም። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫው በርቶ ነበር፤ የተሰረቀው ግን ማረጋገጫው ካለፈ በኋላ ያለው ነገር ነው።

ይህ የላይነስ ብቻ ዕጣ አይደለም። የጎግል የአደጋ ትንተና ቡድን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ባወጣው ዘገባ ይኸው ዘዴ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ዩቲዩበሮችን ሲያጠቃ መቆየቱን ገልጿል። መነሻው ሁልጊዜ የሥራ ግብዣ ነው፤ ይህን ጸረ ቫይረስ፣ ይህን ቪፒኤን፣ ይህን ጌም አስተዋውቅልን የሚል። የተጠለፈው ቻናል እንደ ተከታዩ ብዛት ከ3 እስከ 4,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። ስለዚህ «የእኔን ትንሽ ቻናል ማን ይፈልገዋል?» ማለት አያዋጣም፤ የሦስት ዶላሩም ገዢ ነበረው።

ቪዲዮው ቸኩሎ ያለፈው የፋይሉን ነገር ነው፤ ተመልካች ነገ ጠዋት የሚጠቅመው ግን እሱ ነበር። ዊንዶውስ ካልቀየሩት በቀር የፋይልን መጨረሻ ይደብቃል። `contract.pdf` መስሎ የሚታየው በእውነት `contract.pdf.scr` ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሰነድ ሳይሆን ፕሮግራም ነው። በፋይል ማሳያው ውስጥ `File name extensions` የሚለውን ማብራት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው። ሌሎቹ ምልክቶችም አያስቸግሩም። ፋይሉ በፓስወርድ ተቆልፎ ፓስወርዱ እዚያው ኢሜይሉ ላይ ከተጻፈ፣ ጸረ ቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። የሁለት ገጽ ውል በመቶዎች ሜጋባይት ከመዘነም፣ አንዳንድ መፈተሻዎች ትልቅ ፋይል ስለሚዘሉ ሆን ተብሎ የተነፋ ነው። ተከፍቶ ምንም ካልታየ ደግሞ ኮምፒውተሩን ወዲያው ከኢንተርኔት መንቀልና በሌላ ንጹሕ ስልክ ወደ ጎግል አካውንት ገብቶ `Your devices` ከሚለው ሥር መሣሪያዎቹን ሁሉ ማስወጣት፣ ከዚያም ፓስወርድ መቀየር ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ በተበከለው ኮምፒውተር ላይ የተቀየረ ፓስወርድ አዲሱን ኩኪ ለሌባው ማቀበል ይሆናል።

የላኪውን አድራሻ እዩ የሚለው የተለመደ ምክርም ብቻውን አይበቃም። ይህ ቪዲዮ በወጣ በወሩ፣ ኤፕሪል 2023፣ አጭበርባሪዎች የዩቲዩብን ቪዲዮ የማጋሪያ አገልግሎት ተጠቅመው መልእክታቸው ከእውነተኛው `no-reply@youtube.com` እንዲመጣ አድርገው ነበር። አድራሻው ትክክል፣ ይዘቱ ወጥመድ። ቢያንስ እኔ የምከተለው ሌላ መንገድ አለ፦ በኢሜይሉ ሊንክ አልገባም፤ ዩቲዩብ ስቱዲዮን ራሴ ከፍቼ ማስጠንቀቂያው እዚያ መኖሩን አያለሁ።

ላይነስ ሠራተኛውን አልወቀሰም፤ ጥፋቱ የሥልጠና ነው ብሎ ራሱ ላይ ወሰደው። ወቀሳውን በዋናነት ወደ ዩቲዩብ አዞረ። የቻናል ስም ሲቀየር፣ የስርጭት ቁልፍ ሲታደስ፣ ቪዲዮ በጅምላ ሲሰረዝ ፓስወርድ ለምን እንደገና አይጠየቅም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ግን ላይነስ ቅሬታውን በቀጥታ የሚያደርስለት ሰው ዩቲዩብ ውስጥ አለው፤ ቻናሎቹም ብዙ ሳይቆዩ ተመልሰዋል። አንድ ሺህ ተከታይ ያለው ሰው ይህ የለውም። ለእሱ ዋናው ነገር መልሶ ማግኛው ነው፤ ቪዲዮው ስለዚህ ያለው ነገር ከምንም አይቆጠርም።

የእኛን የአማርኛ ቻናሎች ሳስብ ይህ ጉድለት ይጎላብኛል። ባለቤቱ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ፣ ኤዲተሩ አዲስ አበባ፣ ሁለቱም በአንድ ጂሜይልና በአንድ ፓስወርድ ሲሠሩ ማየት የተለመደ ነው። ኮዱ በኤስኤምኤስ ይመጣል፣ ባለቤቱም በቴሌግራም ለኤዲተሩ ያስተላልፈዋል። ኮድ ማስተላለፍ የለመደ ሰው አንድ ቀን ለማያውቀውም ያስተላልፋል። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ `Permissions` በሚለው ሥር ኤዲተሩን በራሱ ኢሜይል መጋበዝ ይቻላል፤ `Editor` የሆነ ሰው ቪዲዮ ይጭናል፣ ያስተካክላል፣ ቻናሉን ግን መሰረዝም ሌላ ሰው መጋበዝም አይችልም። የእሱ ኮምፒውተር ቢበከል እንኳ ጉዳቱ የሚደርሰው ሥልጣኑ እስከሚደርስበት ነው። ላይነስ ያን ሌሊት ያጣውም በትክክል ይህን ገደብ ነበር።

የመልሶ ማግኛው ስልክ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። አገር የቀየረ ሰው የተወው ሲም ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ አካውንቱ ግን አሁንም በዚያ ቁጥር ተመዝግቧል። ኤስኤምኤሱን በኮድ አመንጪ አፕ ወይም በፓስኪ መተካት፣ ጎግል የሚሰጣቸውን 10 የመጠባበቂያ ኮዶች አትሞ ወረቀቱን ቤት ማስቀመጥ ከዚህ ያድናል፤ እያንዳንዱ ኮድ 8 አኃዝ ሲሆን የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ጠላፊ የመልሶ ማግኛውን ስልክ ወይም ኢሜይል ቢቀይር እንኳ ጎግል እስከ 7 ቀን ድረስ በቀድሞው እንድንጠቀም ሊፈቅድ ይችላል። ያ ግን የሚረዳው የቀድሞው ቁጥር አሁንም በእጁ ላለ ሰው ነው።