የተቀነሰ ሠራተኛ የመጨረሻ ሒሳብ

ሠራተኛ ሲቀነስ የሚሰጠው ገንዘብ በአንድ ቼክ ቢከፈልም አንድ ገንዘብ አይደለም። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ አለ፤ በአገልግሎት ዘመን ልክ የሚሰላ የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፤ በቅነሳ ምክንያት የሚጨመር የ60 ቀን ደመወዝም አለ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው መነሻና የራሳቸው ሒሳብ አላቸው። በሰው ኃይልና በደመወዝ ሥራ በኖርኩባቸው ዓመታት ሠራተኛው ገንዘቡን ሲያጣ ያየሁት፣ ብዙ ጊዜ አሠሪው አልከፍልም ብሎ ሳይሆን፣ እነዚህ ክፍያዎች በአንድ መስመር ላይ ተደምረው ግብሩ ከድምሩ ላይ ሲቆረጥ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሳያየው ያልፋል፤ ወረቀቱ ላይ «ግብር» ተብሎ ስለተጻፈ የመንግሥት ድርሻ ነው ተብሎ ይታመናል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ልውሰደው። 45 ሠራተኞች ያሉት ድርጅት የሥራ መቀዝቀዝ ገጥሞት 6 ሰዎችን ይቀንሳል እንበል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ20 እስከ 50 ሠራተኞች ባሉት ድርጅት ቢያንስ 5 ሠራተኞች ሲሰናበቱ ጉዳዩ «የሠራተኛ ቅነሳ» ይሆናል። ከስድስቱ አንዷ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ናት። የተቀጠረችው ጥር 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው፤ ደመወዟ በወር 12,000 ብር፣ የትራንስፖርት አበሏ ደግሞ 1,500 ብር ነው።

እኔ ከደመወዝ በፊት የማየው ቀኑን ነው። የስንብት ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን፣ ሠራተኛዋ የተቀበለችበት ቀንና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው። ደብዳቤውን አርብ ጥቅምት 28 ቀን 2018 ዓ.ም. ፈርማ ከወሰደች፣ ማስጠንቀቂያው መቆጠር የሚጀምረው ከሚቀጥለው የሥራ ቀን ነው። ድርጅቱ ቅዳሜ የማይሠራ ከሆነ ይህ ሰኞ ኅዳር 1 ይሆናል። ሕጉ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ በቅነሳ ለሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ስለዚህ ውሉ የሚቋረጠው ታኅሣሥ 30 ነው።

እዚህ ላይ ከ9 ዓመት በላይ ያገለገሉ ሰዎች ቅር ሲላቸው አያለሁ። በሌላ ምክንያት በማስጠንቀቂያ ቢሰናበቱ ሦስት ወር ያገኙ ነበርና በቅነሳ ጊዜ ሁለት ወር መባሉ ያጎደለባቸው ይመስላቸዋል። ቅሬታቸው ይገባኛል። የቅነሳው ተጨማሪ የ60 ቀን ክፍያ ግን ከዚያኛው መንገድ የሚመጣ አይደለም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስረዳት የኛ ሥራ ነው።

ታኅሣሥ 30 ላይ ሠራተኛዋ ልክ 7 ዓመት ትሞላለች። ደብዳቤውን ስትቀበል ግን ከ7 ዓመት ሁለት ወር ገደማ ይጎድላት ነበር። በማስጠንቀቂያው ጊዜ ውሉ በሕይወት ስላለ እነዚያ ወራት አገልግሎት ናቸው። ሒሳቡን ደብዳቤው በወጣበት ቀን ዘግቶ የሚያስቀምጥ ባለሙያ እነሱን ሳያውቅ ይቆርጣል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ስንብቱ የሚሰላው በአገልግሎቱ የመጨረሻ ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። በማስጠንቀቂያው ወራት የደመወዝ ጭማሪ ተግባራዊ ከሆነና እሷንም ከነካ፣ ሰባቱም ዓመታት በአዲሱ ደመወዝ ይሰላሉ ማለት ነው። ጭማሪ የሚጀምርበት ወር በማስጠንቀቂያው ውስጥ የሚወድቅ ከሆነ ይህን አስቀድሜ ለሥራ አስኪያጁ እናገራለሁ። በኋላ ሲታወቅ ጠብ ይሆናል።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ደመወዝ ማለት እዚህ 12,000 ብሩ ነው። የትራንስፖርት አበል፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ቦነስና የመሳሰሉት በሕጉ ትርጉም ደመወዝ አይደሉም። በ30 ሲካፈል የቀን ደመወዟ 400 ብር ነው። በ26 የሥራ ቀናት የሚያካፍሉ አሉ። ነገር ግን ሕጉ የመጀመሪያውን ዓመት ስንብት የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ስላለው፣ በ26 አካፍሎ በ30 ማባዛት ከወር ደመወዝ የበለጠ ቁጥር ያመጣል፤ እኔ በ30 አካፍላለሁ።

ለመጀመሪያው ዓመት 400 በ30፣ ማለትም 12,000 ብር። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ አንድ ሦስተኛው 4,000 ብር ነውና ለስድስቱ ዓመታት 24,000 ብር። ድምሩ 36,000 ብር ይመጣል። ይህ ክፍል ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ የለበትም፤ ሰባት ዓመት ላገለገለ ሰው ግን ጣሪያው ሩቅ ነው። በዚህ ላይ የቅነሳው 60 ቀን አለ፤ 400 በ60፣ 24,000 ብር። አጠቃላዩ 60,000 ብር፣ ልክ የአምስት ወር ደመወዟ ይሆናል።

ይህ የ60 ቀን ክፍያ ከማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ጋር እየተምታታ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሁለቱም ሁለት ወር ስለሆኑ «ማስጠንቀቂያ ሰጥተናታል፣ ተከፍሏታል» የሚል መልስ ይመጣል። ማስጠንቀቂያ ግን የሠራችበት ጊዜ ደመወዝ ነው፤ ወይም ሥራ ሳትገባ እንድትቆይ ከተፈቀደላት በዚያው ጊዜ ፋንታ የሚከፈል ነው። 60ው ቀን በቅነሳ ለተሰናበተ ሰው ከስንብቱ በላይ የሚጨመር ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ይህን ለማየት አሠሪው የጻፈውን ደብዳቤ ማንበብ ይበቃል። «በሠራተኛ ቅነሳ» የሚል ከሆነ የክፍያ ወረቀቱ ላይ 60 ቀን ብቻውን በአንድ መስመር መታየት አለበት።

አሁን ግብሩ። በቅነሳ ወይም በውል መቋረጥ ምክንያት የሚከፈል ገንዘብ በገቢ ግብር ሕጉ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ነው፤ ስለዚህ ግብር ይቆረጥበታል። ጥያቄው እንዴት ይቆረጥበታል የሚለው ነው። የመቀጠር ግብር የወር ግብር ነው፤ ምጣኔው ገቢው እያደገ ሲሄድ እየከበደ ይሄዳል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ያለ የወር ገቢ ግብር የለበትም፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። 12,000 ብር የሚያርፈው በ30 በመቶው እርከን ውስጥ ነው። የ12,000 ሰላሳ በመቶ 3,600፣ ከዚያ ላይ 1,350 ሲቀነስ የወር ግብሯ 2,250 ብር ነው። የድሮውን ሠንጠረዥ ሳይለውጥ የቀጠለ የደመወዝ ፋይል 2,700 ብር ያመጣል፤ ይህም ሊታይ ይገባል።

60,000 ብሩ የአንድ ወር ገቢ አይደለም። ስለዚህ ስንብቱ በወር ደመወዟ ይካፈላል፤ አምስት ወር ይሆናል። የአንዱ ወር ግብር 2,250 ብር በአምስት ሲባዛ 11,250 ብር ነው። ከ60,000 ብሩ 48,750 ብር እጇ ይገባል።

የደመወዝ ሶፍትዌር ግን ይህን በራሱ አያደርግም። የሒሳብ ሠራተኛው የታኅሣሥን ፔይሮል ሲሠራ 60,000 ብሩን «ሌላ ክፍያ» በሚል ዓምድ ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ከታኅሣሥ ደመወዝ ጋር ደምሮ 72,000 ብር የወር ገቢ ያደርገዋል። የዚህ ግብር 23,150 ብር ይመጣል። በትክክለኛው መንገድ የደመወዙ 2,250 እና የስንብቱ 11,250 ተደምረው 13,500 ብር ነበር። ልዩነቱ 9,650 ብር ነው። በሕይወቷ 14,000 ብር የወር ደመወዝ አግኝታ የማታውቅ ሴት፣ ሥራ ባጣችበት ወር በ35 በመቶው እርከን ግብር ትከፍላለች ማለት ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አሠሪው ከዚያ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አያተርፍም፣ እሷ ግን ቤት ኪራይ የምትከፍልበትን ታጣለች።

አንድ ጊዜ በቅነሳ የወጣች ሴት ወረቀቷን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ግብር ትክክል ነው?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሠንጠረዥ ሳልከፍት ያሳየኋት መንገድ ለማንም ይሠራል። የድሮውን የደመወዝ ወረቀት አውጥቶ ግብሩ ከደመወዙ ስንት በመቶ እንደሆነ ማየት ነው። በምሳሌያችን 2,250 ከ12,000 ውስጥ 18.75 በመቶ ነው። ስንብቱ በየወሩ ተከፋፍሎ ከተሰላ 11,250 ከ60,000 ውስጥ ያው 18.75 በመቶ ይሆናል። የስንብቱ ግብር ከተለመደው የወር ደመወዝ ግብር በመቶኛ እጅግ ከበለጠ፣ ገንዘቡ በአንድ ወር ተደምሯል። በድምሩ መንገድ የመጣው 23,150 ብር 32 በመቶ ያህል ነው፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

የማስጠንቀቂያው ደመወዝም እንዲሁ ነው። ሠርታ ከጨረሰች የኅዳርና የታኅሣሥ ተራ ደመወዝ ነው፤ በየወሩ 2,250 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 840 ብር ይቀነሳል። ሥራ ሳትገባ ከተከፈላትም የሁለት ወር ደመወዝ መሆኑ አልተለወጠምና እኔ ሁለት ወር አድርጌ ነው የማሰላው። ከስንብቱ 60,000 ብር ላይ ግን ጡረታ አይቀነስም፤ ስንብት ደመወዝ አይደለም። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድም ካላት በራሱ መስመር ይታያል።

ክፍያው ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ሳያስረክብ ቢያዘገይ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ «ክሊራንስ አልጨረስሽም» የሚባለው ከዚህ ነው። የመጋዘን ተቆጣጣሪ ንብረት ቆጥራ ማስረከብ ስላለባት፣ ቆጠራውን ውሉ ካበቃ በኋላ መጀመር መዘግየቱን በእሷ ላይ መጫን ነው። እኔ ርክክቡን በማስጠንቀቂያው ሁለተኛ ወር መጀመሪያ ላይ አስጀምራለሁ፤ አስረካቢም ተረካቢም በየገጹ ይፈርማሉ። ያለ በቂ ምክንያት ያዘገየ አሠሪ በፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል።

በሒሳቡ ላይ ካልተስማሙም ሕጉ መንገድ አለው፤ አሠሪው ያመነበትን መጠን በዚያው ጊዜ ውስጥ መክፈል አለበት፣ ክርክሩ በቀረው ላይ ይቀጥላል። ስለዚህ 60ው ቀን ተዘሎባት የመጣችን ሠራተኛ 36,000 ብሩን አትቀበዪ አልላትም። ትቀበል፤ ፊርማዋ አጠገብ ግን «የቅነሳ 60 ቀን ክፍያ አልተከፈለኝም» ብላ በእጇ ትጻፍ፣ የወረቀቱንም ቅጂ ይዛ ትውጣ። የግብሩ ስህተት ከሆነ ደግሞ ከመፈረሟ በፊት መታረም ይኖርበታል፤ ድርጅቱ ግብሩን ለገቢዎች ካስገባ በኋላ ማስመለስ ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ማመልከቻና ሌላ ወራት ይጠይቃል፤ ያን የሚከታተልላት ሰው ደግሞ በዚያ ቢሮ ውስጥ ከእንግዲህ የለም።