የታወጀ ክብደትና የሚሠራ ክብደት፦ በመስክ ሥነ ልሳን ጽሑፍ ምዘና ላይ የቀረበ ሂስ

በመስክ ሥነ ልሳን ትምህርት የተማሪው የመጨረሻ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ በሩብሪክ ይታረማል። ሩብሪኩ መስፈርቶቹን በረድፍ ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ በኅዳጉም የየመስፈርቱን ክብደት በመቶኛ ያስቀምጣል። አራሚው ነጥቦቹን ሰጥቶ ሲጨርስ ድምሩን ወደ መቶኛ፣ መቶኛውን ደግሞ ወደ ፊደል ይለውጣል። ይህ ሂስ የሚመለከተው ይህን የመጨረሻ እርምጃ ነው፤ በኅዳጉ የታወጀው ክብደት በስሌቱ ውስጥ ሳይሠራ የሚቀረው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነውና።

ለማሳያ የሚሆን አንድ ቅጽ እንመልከት። የተማሪዎቹ ተግባር ከአንድ የአማርኛ ተናጋሪ የተቀዳ አጭር ትረካ መገልበጥና መተንተን ነው። የፊደሉ ሥርዓት ጥብቀትን ስለማያሳይ ግልባጩ የግድ ሊያሳየው ይገባል። «አለ» ላልቶ ሲነበብ የንግግር ግሥ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን መኖርን ያመለክታል። «ገና»ም ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን አልሆነም» የሚል ስሜት አለው፤ ሲጠብቅ የበዓል ስም ይሆናል። ግልባጩ ይህን ካላሳየ በላዩ የሚገነባው የምዕላድ ትንተና መሠረት የለውም። ቅጹን ያዘጋጁት መምህራን ለግልባጭ ትልቁን ክብደት የሰጡት ስለዚህ ነው።

| መስፈርት | ከፍተኛ ነጥብ | ክብደት (%) | ተማሪ ሀ | ተማሪ ለ |
|---|---|---|---|---|
| ድምፃዊ ግልባጭ | 4 | 40 | 4 | 1 |
| የምዕላድ ትንተና | 8 | 30 | 6 | 4 |
| የማስረጃና የክርክር አያያዝ | 8 | 20 | 6 | 6 |
| የጽሑፍ አቀራረብ | 20 | 10 | 10 | 19 |
| ድምር | 40 | 100 | 26 | 30 |

አቀራረብ 20 ነጥብ የያዘው አስፈላጊ ስለሆነ አይደለም። ርእስ፣ አርእስተ ምዕራፍ፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ ርዝመትና የዋቢ አጻጻፍ በቀላሉ የሚቆጠሩ ስለሆኑ ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ነጥብ ያላቸው አምስት ረድፎች ተከፍተውላቸዋል። ግልባጭ በበኩሉ በአንድ ረድፍ ተጠቃሏል።

አራሚው ጥሬ ነጥቡን ደምሮ ለ40 ቢያካፍል ተማሪ ሀ 65፣ ተማሪ ለ 75 ከመቶ ያገኛሉ። በዚህ ስሌት የግልባጭ የሚሠራ ክብደት 4 ለ40፣ ማለትም 10 ከመቶ ነው፤ የአቀራረብ ደግሞ 50 ከመቶ። የረድፎቹ ብዛት የመምህራኑን ውሳኔ ሽሮታል። ጥብቀትን በትክክል የለየው ተማሪ፣ ዋቢዎቹን አሳምሮ ከደረደረው በታች ወርዷል።

ስሕተቱን ያስተዋለ አራሚ ብዙ ጊዜ የሚወስደው እርምት ጥሬ ነጥቡን በክብደቱ ማባዛት ነው። ተማሪ ሀ 1.6፣ 1.8፣ 1.2 እና 1 ያገኝና ድምሩ 5.6 ይሆናል። ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ ድምር 7.6 ስለሆነ ውጤቱ 73.7 ከመቶ ነው፤ ተማሪ ለ በዚሁ መንገድ 61.8 ያገኛል። ቅደም ተከተሉ ስለተስተካከለ ስሌቱ የታረመ ይመስላል። ሆኖም ከ7.6ቱ ውስጥ የግልባጭ ድርሻ 1.6፣ የአቀራረብ ድርሻ 2 ነው። 10 ከመቶ የተመደበለት መስፈርት 40 ከተመደበለት አሁንም ይበልጣል።

ትክክለኛው አካሄድ እያንዳንዱን ነጥብ በመጀመሪያ በራሱ ከፍተኛ ነጥብ አካፍሎ ከዚያ በክብደቱ ማባዛት ነው። ለተማሪ ሀ ይህ 40፣ 22.5፣ 15 እና 5 ይሰጣል፤ ድምሩ 82.5 ነው። ለተማሪ ለ 10፣ 15፣ 15 እና 9.5 ሆኖ 49.5 ይደርሳል። በሠንጠረዥ ፕሮግራም ከፍተኛ ነጥቦቹ በመጀመሪያው ረድፍ፣ ክብደቶቹ በሁለተኛው፣ የተማሪው ነጥቦች በሦስተኛው ከተቀመጡ የሚከተለው ቀመር ይበቃል፦

```
=SUMPRODUCT(B3:E3/B$1:E$1, B$2:E$2)
```

ቀመሩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ቀላል ፈተና አለ። በአንድ መስፈርት ሙሉ ነጥብ፣ በሌሎቹ ዜሮ ያገኘ ምናባዊ ጽሑፍ ይሞላል፤ የሚወጣው ቁጥር የዚያ መስፈርት ክብደት መሆን አለበት። ለግልባጭ 40 ካልወጣ፣ በኅዳጉ የተጻፈው ክብደት ጌጥ ብቻ ነው።

ስሌቱ ከተስተካከለ በኋላም በቁጥር ብቻ የማይፈታ ጥያቄ ይቀራል። የግልባጩ ረድፍ ደረጃዎች ከ1 እስከ 4 ናቸው፤ ዜሮ የለም። ተማሪ ለ ዝቅተኛውን ደረጃ አግኝቶ 10 ከመቶ ወስዷል። የደረጃ 1 መግለጫ «ግልባጭ ተሞክሯል፣ ጥብቀት ግን በአብዛኛው አልተመለከተም» የሚል ከሆነ ይህ ተገቢ ሊሆን ይችላል። «ጥብቀትን የሚያሳይ ግልባጭ የለም» የሚል ከሆነ ግን ላልተሠራ ሥራ ሩብ ነጥብ ተሰጥቷል። በዚህ ጊዜ ከተሰጠው ነጥብም ከከፍተኛውም ላይ 1 ተቀንሶ መካፈል አለበት፤ የተማሪ ለ የግልባጭ ድርሻ ዜሮ፣ ጠቅላላ ውጤቱም 39.5 ይሆናል። ማለፊያው 40 በሆነበት ክፍል ይህ የማለፍና የመውደቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ አራሚው ከማካፈሉ በፊት የደረጃውን መግለጫ ማንበብ ይገባዋል።

ወደ ፊደል በሚደረገው ሽግግር የሚታየው ችግር ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። «ሲ» ከ50፣ «ሲ ማይነስ» ከ45 የሚጀምርበት ሠንጠረዥ ቢወሰድ የተማሪ ለ 49.5 «ሲ ማይነስ» ነው። አራሚው ግን በየመስፈርቱ ወደ ሙሉ ቁጥር ቢያጠጋጋ 9.5 ወደ 10 ያድግና ድምሩ 50፣ ፊደሉም «ሲ» ይሆናል። ማጠጋጋት ካስፈለገ በመጨረሻው ድምር ላይ አንድ ጊዜ ብቻ መደረግ አለበት፤ ግማሽ ወደ ላይ ይሂድ ወይም እንዳለ ይቁረጥ የሚለውም ውጤቱ ከመታየቱ በፊት መጻፍ አለበት። ለየመስፈርቱ ፊደል ሰጥቶ ፊደሎቹን ማማከል የባሰ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ሰፊ የነጥብ ክልል ስለሚያጠቃልል ልዩነቶቹ ገና ሳይደመሩ ይጠፋሉ።

በመጨረሻም ክብደት የማይሠራው አንድ ሥራ አለ። ክብደት ማካካሻን ይፈቅዳል፤ በግልባጭ ምንም ያላገኘ ተማሪ በሌሎቹ ሙሉ ቢያገኝ 60 ይዞ ያልፋል። መምህራኑ ያለ ግልባጭ ማለፍ የለም ብለው የሚያምኑ ከሆነ ክብደቱን ከ40 ወደ 50 ማሳደግ ፍላጎታቸውን አይፈጽምም፤ ያው ተማሪ በ50 ያልፋልና። የሚፈጽመው ለግልባጭ የተለየ ዝቅተኛ ገደብ፣ ለምሳሌ ከ4 ነጥብ 2፣ አስቀምጦ ለተማሪዎቹ ሥራው ከመሰጠቱ በፊት ማሳወቅ ነው። ለዚህ ቅጽ የሚያስፈልገው እርማት እንግዲህ አጭር ነው፦ ከክብደቱ ጎን የየመስፈርቱ ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥብ፣ ከሥሩ የማጠጋጊያው ደንብ፣ በግልባጩ ረድፍ ላይ ደግሞ የማለፊያው ገደብ ይጻፍ። ተማሪ ሀ ውጤቱን ሲጠይቅ መምህሩ የሚያሳየው ማስረጃ ይኖረዋል።