ንድፉ የማያሳየው ቧንቧ

«ጋሼ፣ ለአንድ ባኞ ቤትና ለአንድ ኩሽና ስንት ኤልቦ ይበቃል?» አለኝ በቅርቡ ሥራ የጀመረ ልጅ። «ለእያንዳንዱ መውጫ ሦስት ኤልቦ» ብለው በቃላቸው የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ። እኔ ይህን አሠራር አልወደውም። ወይ ዕቃው ተርፎ ባለቤቱ ይከስራል፣ ወይ አንድ ቲ ጎድሎ ሠራተኛው ሱቅ ሲመላለስ ቀኑ ይመሻል።

እኔ ወረቀቱን ይዤ ከውሃው ጋር ነው የምሄደው። የልጁ ንድፍ ቀላል ነበር፦ ባኞ ቤቱና ኩሽናው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ቀዝቃዛው ውሃ የእጅ መታጠቢያ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ሻወር፣ ቦይለርና የዕቃ ማጠቢያ ስላሉት አምስት መውጫ አለው። መስመሩ በአንድ በኩል ገብቶ በቲ ብቻ የሚከፋፈል ከሆነ የቲው ቁጥር ከመውጫው በአንድ ያንሳል፤ ስለዚህ አራት። ሙቁ ከቦይለር ተነስቶ ወደ ሦስት ቦታ ይሄዳል፤ ሁለት ቲ። ቆጠራህ ከዚህ ከተለየ አንድ መስመር ዘለሃል፣ ወይም ሁለቴ ቆጥረሃል። በየመውጫው ጫፍ ጥርስ ያለው ኤልቦ ይገባል፤ ስምንት ናቸው፣ በቦይለሩ የሙቅ ጫፍ አንድ ሲጨመር ዘጠኝ። ተራው ኤልቦ በየማዕዘኑና መስመሩ አልቆ ሽቅብ በሚታጠፍበት ቦታ ይቆጠራል።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። ንድፉ ከላይ የታየ ስለሆነ ሽቅብ የሚወጣውን ቧንቧ አያሳይም። መስመሩ ከወለል 30 ሳንቲሜትር ላይ ይሂድ እንበል። ሻወሩ 110 ላይ ከሆነ 80 ሳንቲሜትር ይወጣል፤ ቦይለሩ 180 ላይ ከሆነ 150 ሳንቲሜትር፤ መታጠቢያዎቹ 55 ላይ ከሆኑ 25፣ 25። የሽንት ቤቱ 20 ላይ ስለሆነ 10 ይወርዳል። ቀዝቃዛው ብቻ 2 ሜትር ከ90 ነው፤ ሙቁ 2 ሜትር ከ80። ድምሩ 5 ሜትር ከ70 ሲሆን ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር እንኳ የለውም። የፒፒአር ዘንግ 4 ሜትር ስለሆነ በማስመሪያ ብቻ የለካ ሰው ከአንድ ዘንግ በላይ ጎደለው ማለት ነው።

የ20 ሚሊሜትር ቧንቧ በየመገጣጠሚያው 14 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል፤ አጭር ቁራጭ ስትቆርጥ እሱን ካልደመርክ የሻወሩ ሁለት መውጫዎች 15 ሳንቲሜትር መራራቃቸው ይዛባል። ፒፒአር አንዴ ከተበየደ ደግሞ እንደ ብረቱ ቧንቧ አይፈታም፤ ተቆርጦ ይጣላል።

በዚህ ሥራ ስቆይ ዓይኔ ተለወጠ። እንግዳ ሆኜ ቤት ስገባ ቡናው እስኪፈላ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን መስመር እቆጥራለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

ለልጁም ያልኩት ይህን ነው፦ ንድፍ ስትቀበል በየመውጫው አጠገብ ከፍታውን በእርሳስ ጻፍ፤ ሳትጽፍ የዕቃ ዝርዝር አታውጣ።