ጋሪው ያው፣ ስሙ ሌላ

በአትላንታ፣ ተርነር ፊልድ ይባል ከነበረው የቤዝቦል ስታዲየም ደጃፍ፣ ለብዙ ዓመታት ቲሸርትና ኮፍያ፣ የሚበላና የሚጠጣ እያቀረቡ የኖሩ የመንገድ ዳር ነጋዴዎች ነበሩ። ፈቃድ ነበራቸው፤ የሚቆሙበት ቦታም የታወቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የቤዝቦሉ ወቅት ሊከፈት ሲል ግን የከተማው አስተዳደር በሕዝብ ቦታ ላይ የሚካሄደውን የመንገድ ንግድ አስቆመ። ሰውየው ያው ሰው ነው፣ ጋሪውም ያው ጋሪ፣ ደንበኛውም ያው ደንበኛ። ትናንት ባለፈቃድ የነበረው ነጋዴ ዛሬ ሕገ ወጥ ሆነ።

ስለ ጎዳና ንግድና ኢ-መደበኛ ስለሚባለው የከተማ ኢኮኖሚ የዶክትሬት መመረቂያ የሚጽፍ ተማሪ አንዱን ምዕራፍ በዚህ ጉዳይ ላይ ልመሥርት ቢል፣ ከመጀመሪያው ገጽ ችግር ይገጥመዋል። «ኢ-መደበኛ» የሚለው ስያሜ ነጋዴውን ነው የሚገልጸው ወይስ ከተማው በነጋዴው ላይ ያደረገውን? ቃሉን ወደ ምሁራን መዝገብ ያስገባው ኪት ሃርት በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ ሲሆን፣ የተነሣው በአክራ፣ ኒማ በሚባል ሰፈር ካደረገው የመስክ ጥናት ነው። ከደመወዝ ውጭ በራሳቸው ሥራ የሚተዳደሩ ሰዎችን ካየ በኋላ ነው ስም የፈለገላቸው። ዛሬ ብዙ ምዕራፎች የሚጻፉት ከዚህ በተቃራኒ ነው፤ ስሙ አስቀድሞ ይመጣና ሰው ይፈለግለታል።

የጉዳዩ ሂደት አጭር ነው። በ2009 የአትላንታ ከተማ በሕዝብ ቦታ ላይ የሚደረገውን የመንገድ ንግድ ለአንድ ኩባንያ ብቻ የሚሰጥ የ20 ዓመት ውል ተፈራረመ። ጄኔራል ግሮውዝ ፕሮፐርቲስ የተባለው ይህ ኩባንያ ዋና ሥራው የገበያ ማዕከላትን ማስተዳደር ነበር። ዕቅዱ ኪዮስኮች ሠርቶ ለነጋዴዎች ማከራየት ነው። በ2011 ሁለት የስታዲየም ነጋዴዎች፣ ኢንስቲትዩት ፎር ጀስቲስ በሚባል የጠበቆች ድርጅት አማካይነት ከተማውን ከሰሱ። በ2012 መጨረሻ የፉልተን ካውንቲ ዳኛ ከተማው እንዲህ ያለ ብቸኛ መብት የመስጠት ሥልጣን የለውም ሲሉ ለነጋዴዎቹ ፈረዱ። በከንቲባ ካሲም ሪድ የሚመራው አስተዳደር ደግሞ ፍርዱ የንግዱን ደንብ በሙሉ ስለሻረው ፈቃድ የምሰጥበት ሕግ የለኝም አለ። ነጋዴዎቹ የፈረሰው የብቸኝነት መብቱ ነው፣ የቀድሞው ሕግ አለ ብለው እንደገና ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2013 ዳኛዋ በድጋሚ ለእነርሱ ወሰኑ።

ይህን ታሪክ ያየ ተማሪ እጁ መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደ ሄርናንዶ ዴ ሶቶ ነው። ዴ ሶቶ በ1986 ባወጣው መጽሐፍ፣ አጥኚዎቹ በሊማ አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት በሕጋዊ መንገድ ለማስመዝገብ ሞክረው 289 ቀን እንደፈጀባቸው ይተርካል። ከዚህ የሚወሰደው ሐሳብ የታወቀ ነው፦ ድሃ ሰው ከሕግ ውጭ የሚሠራው ሕጉ ስለሚከብድ ነው፤ በሩ ቢሰፋ ይገባል። ነገር ግን የአትላንታዎቹ ነጋዴዎች በሩ ውስጥ ነበሩ። ይባስ ብሎ የ2009ኙ ውል ኪዮስክ፣ የኪራይ ስምምነትና ባለቤቱ የታወቀ ኩባንያ የያዘ ነው። «መደበኛ ማድረግ» በሚለው መለኪያ ከታየ ከጋሪው የተሻለ ነው፤ ነጋዴዎቹ የሸሹት ግን እርሱን ነው። 289 ቀን የሚለውን ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ ምዕራፍ እዚህ ላይ ይሰበራል።

ሆኖም ዴ ሶቶን ለመጣል መቸኮልም ስህተት ነው። ያው መጽሐፍ መንግሥት ለጥቂቶች የሚሰጠውን ልዩ መብት አጥብቆ ይነቅፋል፤ የአትላንታው ውል በዚህ ክፍል ጥሩ አድርጎ ይገለጻል። እንግዲህ አንድ ንድፈ ሐሳብ በአንድ እጁ ውሉን ያመሰግናል፣ በሌላው ይወቅሳል። ይህን ያየ ጸሐፊ የትኛውን ክፍል እንደሚፈትን በግልጽ መናገር አለበት። አለበለዚያ ማስረጃው ወዲህም ቢያጋድል ወዲያ ንድፈ ሐሳቡ ሁልጊዜ ትክክል ይሆናል፤ ሁልጊዜ ትክክል የሆነ ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ስለ አትላንታ ምንም አልነገረንም ማለት ነው።

ሌላዋ በተደጋጋሚ የምትጠራው አናንያ ሮይ ናት። በ2005 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ኢ-መደበኛነት ከመንግሥት ውጭ ያለ ዘርፍ አይደለም፤ ሕጋዊና ሕገ ወጥ የሚለውን መስመር የሚያሰምረው መንግሥት ራሱ ነው ትላለች። የ2013ቱ እገዳ ለዚህ ሐሳብ የተሰፋ ልብስ ይመስላል። አደጋውም እዚሁ ነው። ከተማው «ሕግ የለኝም» ያለው ነጋዴዎቹን ለማስወጣት ፈልጎ ነው ወይስ ፍርዱን በእርግጥ እንደዚያ ስለተረዳ? ሁለቱም የሚያስከትሉት ውጤት አንድ ነው፤ ጋሪው ይነሣል። የዳኛዋ ሁለተኛ ውሳኔ ከተማው በሕጉ ላይ እንደተሳሳተ ያሳያል እንጂ ምን አስቦ እንደነበር አያሳይም። ሐሳቡን የሚያሳይ ነገር ካለ በምክር ቤቱ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ በሠራተኞች የደብዳቤ ልውውጥ፣ ፈቃድ በታደሰባቸውና ባልታደሰባቸው ቀናት ውስጥ ነው መፈለግ ያለበት። እስኪገኝ ድረስ ምዕራፉ «መስመሩን ከተማው አዛወረው» ማለት ይችላል፤ «ሆን ብሎ አዛወረው» ማለት ግን አይችልም። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው የአንድ ሐረግ ልዩነት ፈታኞች የሚይዙት ነው።

ማስረጃውም ቢሆን ንጹሕ ሆኖ አይመጣም። ስለዚህ ጉዳይ በቀላሉ የሚገኘው ሰነድ በአብዛኛው በክሱ ዙሪያ የተጻፈ ነው። በሰፊው የሚጠቀሰው የኪዮስኩ ኪራይ፣ በወር ከ500 እስከ 1,600 ዶላር የሚለው፣ የነጋዴዎቹ ጠበቆች ሲያጎሉት የኖሩት አኃዝ ነው። ድርጅቱ የተቋቋመበት ዓላማ የኢኮኖሚ ነፃነትን በፍርድ ቤት መከላከል ስለሆነ፣ የመረጠው ከሳሽም፣ ያነሣው ጥያቄም፣ ያጎላው ቁጥርም ከዴ ሶቶ ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው። በዚህ ሰነድ ዴ ሶቶን «ያረጋገጠ» ተማሪ ንድፈ ሐሳቡን በገዛ ዘመዱ አስመስክሯል። ቁጥሩ ስህተት ነው ማለት አይደለም፤ ማን እንደተናገረውና ለምን እንደተናገረው አብሮ መጻፍ አለበት። ደግሞም መዝገቡ ውስጥ ያሉት የከሰሱት ናቸው። ኪራዩን የከፈሉት፣ ወደ ሌላ ሥራ የዞሩት፣ ከመጀመሪያውም ፈቃድ ያልነበራቸው ሰዎች ድምፃቸው በዚያ ወረቀት ላይ የለም።

ታዲያ መፍትሔው ንድፈ ሐሳቡን ትቶ ጎዳና ላይ መቆም ነው? ይህን መንገድ ከማንም በላይ የሄደበት ሚቸል ዱኒየር ነው። በኒው ዮርክ ስድስተኛው አቬኑ ላይ መጽሐፍና አሮጌ መጽሔት ስለሚሸጡ ሰዎች በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የመጀመሪያው ረቂቁ በአንድ መጽሐፍ ሻጭ፣ በሃኪም ሃሰን፣ ዙሪያ ብቻ እንደነበር ይናገራል። ሃሰን አንብቦ ሥዕሉ ጠባብ እንደሆነ ሲነግረው ዱኒየር ወደ ጎዳናው ተመልሶ ሥራውን አሰፋ። ማስረጃ ጸሐፊውን ሲያርመው ማለት ይህ ነው። እንዲያም ሆኖ ሎይክ ዋኳን በ2002 ባወጣው ረጅም ሂስ መጽሐፉን በብርቱ ነቀፈው፦ ሻጮቹ ጨዋና ታታሪ መሆናቸውን ለማሳየት ሲደክም፣ ወደ ጎዳና ያወጣቸውን የሥራ ገበያና የመንግሥት ፖሊሲ አሳንሶታል አለው። ዱኒየርም ዝም አላለም፤ ዋኳን ማስረጃውን ሳያከብር ንድፈ ሐሳቡን ይጭናል ሲል መለሰ።

ክርክሩ ለአንድ ምዕራፍ የሚጠቅመው አሸናፊ ስላለው አይደለም። ንድፈ ሐሳቤን ትቼ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ የሚል ሰው ሳያውቀው አንድ ሐሳብ ይዞ እንደሚገባ ስለሚያሳይ ነው። «ታታሪ ድሃ» የሚለውም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ስም ስላልተሰጠው ብቻ አይፈተንም።

ሚዛኑ የሚታየው በገጽ ብዛት ሳይሆን በአንቀጽ ውስጥ ነው። ደካማው አንቀጽ በሦስት ምሁራን ስም ይጀምራል፣ የጎዳና ነጋዴዎች የከተማ ፖሊሲ ሰለባ እንደሆኑ ያውጃል፣ መጨረሻ ላይ ከቃለ መጠይቅ አንድ መስመር ይለጥፋል። ከዚህ አንቀጽ አትላንታን ሰርዞ ናይሮቢ ብሎ ቢተካ ምንም የሚጎድል ነገር የለም፤ ማስረጃው ሥራ አልሠራም ማለት ነው። የተሻለው አንቀጽ ዴ ሶቶ ትክክል ከሆነ ባለፈቃዶቹ ምን ሊገጥማቸው ይገባ እንደነበር ይናገራል፤ ሮይ ትክክል ከሆነችስ? ከዚያ በ2012ቱ ፍርድና በ2013ቱ እገዳ መካከል ባለፈቃዱ የገጠመውን ያስቀምጣል፤ በመጨረሻም ሰነዱ እስከ የት እንደሚያስኬድና የት ላይ እንደሚቆም ያስታውቃል። የተገላቢጦሹ ፈተናም አለ፤ የምሁራኑን ስምና ቃል ሰርዞ ክርክሩ ሳይነካ ከቆመ፣ ንድፈ ሐሳቡ ጌጥ ነበር።

ጎበዝ ምዕራፍ ሁለቱም ንድፈ ሐሳቦች የማይደርሱበትንም ያስቀምጣል። ከ2016 የጨዋታ ወቅት በኋላ ብሬቭስ የተባለው ቡድን ተርነር ፊልድን ለቆ ወደ ኮብ ካውንቲ ሄደ፤ በ2017 ስታዲየሙን ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያዘው። ፈቃዱ ቢመለስ እንኳ የቤዝቦሉ ደንበኛ ከዚያ ደጃፍ ሄዷል። ስለ ደንብ ብቻ የሚያወራ ጽሑፍ ይህን ኪሳራ በየትኛውም ምዕራፉ ሊያስገባው አይችልም። ቢያንስ ግን ነጋዴው ፈቃዱን በፍርድ ቤት አስመልሶም ገበያውን ሊያጣ እንደሚችል መጻፍ ይችላል።

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ በዚህ ረገድ ያልተጠቀመበት ሀብት አለው። «ኢ-መደበኛ» በሚል አንድ ጆንያ የሚጨመሩትን የአዲስ አበባ ሰው ለይቶ ይጠራቸዋል። ጉልት ላይ የተቀመጠችው ሴት ቦታዋ የታወቀ ነው፣ ደንበኛዋ ሄዶ ያገኛታል። ሱቅ በደረቴ ግን ሱቁን ደረቱ ላይ ተሸክሞ ይዞራል፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ይሄዳል። አንዷን የሚጎዳት ቦታዋን ማጣት ነው፣ ሌላውን የሚጎዳው ዕቃውን መነጠቅ። የአትላንታው ነጋዴ ጋሪ ቢኖረውም ኑሮው የጉልት ነው፤ ሀብቱ ጋሪው ሳይሆን የቆመበት ደጃፍ ነው። ይህ ከየትም መጽሐፍ ያልተቀዳ ንድፈ ሐሳብ ነውና እንደ ሌሎቹ ይፈተን፦ እገዳው በመጣ ጊዜ ስንቶቹ ጋሪያቸውን እየገፉ ሌላ ቦታ ሄደው መሸጥ ቻሉ? መልሱ «ብዙዎቹ» ከሆነ ሐሳቡ ይወድቃል፤ ተማሪውም ይህን መልስ በምዕራፉ ውስጥ ለመጻፍ ከወዲሁ ፈቃደኛ መሆን አለበት።