የዳሞታ ቀይ አፈር በቱቦ ውስጥ

ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለው ቀይ አፈር በጓሮ እንሰትንም ቡናንም አቮካዶንም ያኖራል። ይኸው አፈር ብቻውን ችግኝ ማፍያ ቱቦ ውስጥ ሲሞላ ግን አቮካዶን ይገድላል። በሶዶ ለጎረቤት ችግኝ እያፈላ መሸጥ ለሚጀምር ሰው አስቀድሜ የምነግረው ይህን ነው፤ ምክንያቱን ካልተረዳው ደግሞ ምክሩን ይረሳዋል።

በጓሮ የዘነበውን ውሃ ከሥር ያለው አፈር እየሳበ ወደ ጥልቅ ያወርደዋል። ቱቦው ውስጥ ግን አፈሩ ከታች ያልቃል። ውሃው ቀዳዳው ጋ ስለደረሰ ብቻ አይፈስም፤ የግርጌው አፈር እስኪጠግብ ይዞት ይቆይና ትርፉን ብቻ ይለቃል። ስለዚህ በማንኛውም ማሰሮ ወይም ቱቦ ግርጌ ውሃ የቋጠረ ንብርብር አለ። አፈሩ በደቀቀ ቁጥር ንብርብሩ ይወፍራል፤ ዕቃው ባጠረ ቁጥር ደግሞ ለሥሩ የሚተርፈው አየር ያለው ቦታ ያንሳል። አበባ በጣሳ የሚተክሉ ብዙዎች ግርጌው ላይ ጠጠር ይደረድራሉ። ጠጠሩ እርጥቡን ንብርብር አያጠፋውም፤ ወደ ሥሩ ከፍ ያደርገዋል እንጂ።

አቮካዶ አየር ያጣ ሥርን አይችልም። ለመዳቀል ግንዱ እርሳስ ያህል እስኪወፍር ድረስም ወራት ቱቦ ውስጥ ይቆያል። አፈሩ ውሃ ከያዘ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ሥር አበስባሽ ይራባል፤ ምልክቱም አታላይ ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፣ ጫፉ ይደርቃል። ባለቤቱ የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርለታል። ጣት ወደ አፈሩ ሲገባ እርጥበት ካገኘ ችግሩ ጥም አይደለም። ያኔ አንዱን ቱቦ ቀዶ ማየት ይሻላል፤ ጤነኛ የሥር ጫፍ ነጣ ያለ ነው፣ የታመመው ጠቁሮ ሲነኩት ይሰበራል።

እኔ የላይ አፈር፣ በደንብ የበሰበሰ ፍግና ሻካራ የወንዝ አሸዋ እኩል እኩል እቀላቅላለሁ። ደቃቅ አሸዋ ክፍተቱን ስለሚደፍን አልጠቀምበትም። ድብልቁን አርጥቤ በጭብጤ እጨምቀዋለሁ፤ በጣት ነካ ሳደርገው ከተፈረካከሰ እሞላዋለሁ፣ እንደ ሸክላ ጭቃ ከተለጠፈ አሸዋ እጨምራለሁ። ቱቦው ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው፤ እዚህ ላይ ፕላስቲክ መቆጠብ ኪሳራ ነው። ዘሩን ሰፊውን ወገን ወደ ታች፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጌ፣ ጫፉ ትንሽ እንዲታይ እተክለዋለሁ።

በክረምት መግቢያ ገዢ ሁሉ ረጅሙን ችግኝ ያነሳል። ረጅሙ ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጥ የቆየ ነው፤ ሥሩም ግርጌው ላይ ተጠምዝዟል። አጠር ብሎ ግንዱ የወፈረውን እንዲወስዱ አግባባለሁ። ረጅሙን ካልተዉት ግን ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቀው፣ የተጠመዘዘውን ሥር በስለት ቆርጠው፣ ውሃ በማይተኛበት ከፍ ባለ ቦታ እንዲተክሉት እነግራቸዋለሁ፤ የተዳቀለበትንም ቦታ አፈር እንዳያለብሱት።