በእናት እጅ የተገጣጠመ ቤተ ሰብ፤ ስለ አንድ አጭር ልብ ወለድ የቀረበ ሂስ

በዚህ ጽሑፍ የምመረምረው በተማሪዎች መካከል በእጅ ሲዘዋወር የቆየ አንድ አጭር ልብ ወለድ ነው። ደራሲዋ ስሟ እንዲገለጥ አልፈለገችም፤ ለድርሰቷም ገና ርእስ አልሰጠችውም። ታሪኩ ለመናገር ቀላል ነው። አንዲት እናት በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ትኖራለች። ሦስት ልጆቿ በሦስት አገር ተበትነዋል፤ በኩሩ በአዲስ አበባ፣ መካከለኛዪቱ በቤይሩት፣ የመጨረሻው በፍራንክፈርት ናቸው። ለ2009 ዓ. ም. የገና በዓል እናቲቱ ከእያንዳንዳቸው አንድ ፎቶግራፍ ታስልክና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተማረችው የኮምፒዩተር ሙያ ምስላቸውን ቈርጣ ከራሷ አጠገብ ትገጥመዋለች። ከፊታቸው ጀበናው፣ ድፎ ዳቦውና ቄጠማው አለ። አራቱ በአንድ ክፍል የተሰበሰቡ ይመስላሉ።

ድርሰቱ በውይይት ላይ በቀረበ ጊዜ ከሁሉ የበዛው ነቀፋ፥ «ይህች እናት ራሷን ታታልላለች፤ ደራሲዋም ማታለሏን እንደ ፍቅር አድርጋ ታቀርብልናለች» የሚል ነበር። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያሉት አንባቢዎች የተመለከቱት ያለቀውን ፎቶግራፍ እንጂ ድርሰቱን አይደለም። ከአሥራ አንዱ ገጽ ስምንቱ የሚተርከው ስለ መገጣጠሙ ሥራ ነው። በዚያ ሥራ ውስጥ እናቲቱ የምታገኘው የልጆቿን አንድነት ሳይሆን ስለ ልጆቿ የማታውቀውን ነገር ነው። ድርሰቱ የሚጸናው በዚህ ነጥብ ላይ ሲቆም ነው፤ የሚደክመውም ከዚህ ነጥብ ሲርቅ ነው።

የልዩ ልዩ ፎቶግራፎችን ክፍል አጋጥሞ አንድ ምስል ማውጣት ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ ብልሃት አይደለም። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን በ1858 እ. ኤ. አ. አንዲት ወጣት በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት፣ ቤተ ሰቦቿም ከብበዋት ሲያዝኑ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ከአምስት ኔጋቲቭ አጣምሮ አውጥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አያሌ ሰዎች እንዲህ ያለውን የቤት ኀዘን በፎቶግራፍ ማሳየት ነውር ነው ብለው ነቅፈውታል። የእናቲቱ ሥራ የሮቢንሰን ግልባጭ ነው። እርሱ ለሥዕሉ ሲሉ የቆሙ ሰዎችን አንድ ቤተ ሰብ አስመሰለ፤ እርሷ በእውነት አንድ ቤተ ሰብ የሆኑትን በአንድ ክፍል ያሉ አስመሰለች። ሮቢንሰን ሰዎቹን እንደ ፈለገ ማቆም፣ ብርሃኑንም እንደ ፈለገ ማዞር ይችል ነበር። እናቲቱ ግን የተላከላትን ብቻ ይዛ መሥራት አለባት። የታሪኩ ችግር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የቁመት ነው። ሁለት ሰዎች ከሁለት ፎቶግራፍ ተቈርጠው ጎን ለጎን ሲቆሙ ማን ምን ያህል እንደሚረዝም ምስሉ በራሱ አይናገርም። በፎቶግራፉ ውስጥ መጠኑ የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ በር ወይም ወንበር ካለ በርሱ ይለካል፤ ከሌለ ግን የሚገጥመው ሰው የሰዎቹን ቁመት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በኩሩ እናቱ አገሯን ስትለቅ ያደገ ሰው ስለ ነበረ እርሷ ቁመቱን ታውቃለች፤ ያለ ችግርም ታቆመዋለች። የመጨረሻው ልጅ ግን ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበረ። ከፍራንክፈርት የላከው ፎቶግራፍ በረዶ በሸፈነው ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ የተነሣው ነው፤ መለኪያ የሚሆን ነገር በአጠገቡ የለም።

እናቲቱ ሳታስበው የወንድሙን ደረት እስኪደርስ ድረስ አሳንሳ ታቆመዋለች፤ ትታው የሄደችው በዚያ ቁመት ነበርና። ቀና ብላ ስታይ ጢም ያበቀለ ሰው በሕፃን ቁመት ቆሞ ታገኘዋለች። ደራሲዋ በዚህ ቦታ ስለ እናቲቱ ስሜት አንዲት ቃል አለመናገሯ ትልቅ ብልኅነት ነው። እናቲቱ ስልክ ደውላ፥ «ልጄ፣ ቁመትህ ስንት ነው?» ትለዋለች፤ እርሱም ይሥቅና፥ «አንድ ሜትር ከ84፤ ምነው እማዬ፣ ልብስ ልትገዢልኝ ነው?» ይላታል። ከበኩሩ በላይ አድርጋ ታቆመዋለች። በየሳምንቱ በስልክ ሲነጋገሩ የኖሩት እናትና ልጅ ምን ያህል እንደ ተራራቁ ያሳየን ይህ ቁጥር ነው። ስልክ ድምፅን ያመጣል፤ ቁመትን ግን አያመጣም።

ሁለተኛው ችግር የብርሃን ነው፤ የድርሰቱም ልብ እርሱ ነው። መካከለኛዪቱ ልጅ በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። በዚያ አገር ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተቈራኘ ስለ ሆነ እንደ ልቧ መውጣትና ሥራ መለወጥ አትችልም። ስለዚህ ፎቶግራፏን የምታነሣው እመቤቲቱ በሌለችበት ሰዓት በመታጠቢያ ቤቱ መስተዋት ፊት ቆማ ነው። እናቲቱ ምስሉን ስታይ የሆነ ነገር ይከነክናታል። ልጅቱ በሕፃንነቷ ከምድጃ አጠገብ ወድቃ ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ወጥቶባት ነበር፤ አሁን ጠባሳው በቀኝ ነው። በመስተዋቱ ውስጥ የሚታየውን የሳሙና ካርቶን ትመለከታለች፤ ፊደሉ ተገልብጦ ተጽፏል። ከመስተዋት የተነሣ ፎቶግራፍ ግራና ቀኙ የተለዋወጠ ስለ ሆነ ነው። ለማቅናት አንድ ትእዛዝ ይበቃል፤ እናቲቱም ምስሉን ትገለብጠዋለች፤ ጠባሳውም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ነገር ግን ፊቱ ሲገለበጥ ብርሃኑም አብሮ ይገለበጣል። እናቲቱ የተቀመጠችው መስኮቱ በሥዕሉ በስተ ግራ በሆነበት ክፍል ነው፤ የፊቷ ጥላ ወደ ቀኝ ይወድቃል። የወንዶቹ ልጆች ፎቶግራፎች በደመናማ ቀንና በጥላ ሥር የተነሡ ስለ ሆኑ ብርሃኑ ከየት እንደ መጣባቸው አይለይም፤ በየትም ቢያቆሟቸው ይስማማሉ። የልጅቱ ምስል ግን ሳይገለበጥ በፊት ከመስኮቱ ጋር ተስማምቶ የነበረ ሲሆን ከተገለበጠ በኋላ ብርሃኑ ከቀኝ ይመጣባታል። እናቲቱ አንዱን ጉንጭ ለማጥቈር፣ ሌላውን ለማንጣት ትሞክራለች። ይህ መድኀኒት ጥቂት ብቻ ይረዳል፤ የአፍንጫው ጥላና በዓይን ውስጥ ያለው የብርሃን ነጥብ በቀድሞ ቦታቸው ስለሚቀሩ ፊቱ እየተነካካ በሄደ ቍጥር ሌላ ሰው ይመስላል።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለባት። ጠባሳው በተሳሳተው ጉንጭ ላይ ቢቀር ብርሃኑ አንድ ይሆናል፤ የሚያይ ሁሉ አራቱ በአንድ ክፍል ናቸው ብሎ ያምናል። ጠባሳው ቢስተካከል ልጅቱ ልጇ ትሆናለች፤ ብርሃኑ ግን ከሌላ ቤት መምጣቱን ይመሰክራል። እናቲቱ ጠባሳውን ትመርጣለች። ራሷን የምታታልል ሴት ብትሆን ኖሮ የምትመርጠው ብርሃኑን ነበር። ጠባሳውን ከእርሷ በቀር ሌላ ተመልካች አያውቀውም፤ ጥላውን ግን አስተውሎ የሚያይ ሰው ሁሉ ይለየዋል። ለዓይን የተበላሸውን፣ ለእናት ግን እውነት የሆነውን ወሰደች። «ማታለል ነው» ለሚሉት ወገኖች መልሱ በዚህ ምርጫ ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ ቀጥሎ ጕድለቱን መናገር ግዴታ ነው። ደራሲዋ ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ያልሄዱበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፈዋለች፤ እናቲቱ በ2005 እ. ኤ. አ. በዲቪ ዕጣ ስትሄድ «ሕጉ ልጆቿን ከለከለባት» ትላለች። ይህ ለሁለቱ ትልልቆች ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ በኩሩ 24፣ እኅቱ 22 ዓመት ሆኗቸዋል። የዲቪ ሕግ ከባለ ዕጣው ጋር እንዲሄዱ የሚፈቅደው ላላገቡና ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ነው። የ14 ዓመቱን ልጅ ግን ሕጉ አልከለከለውም። ታዲያ ለምን ቀረ? ድርሰቱ አይመልስም።

ይህን የምጠቅሰው በጥቃቅን ነገር ለመንቀፍ አይደለም። ደራሲዋ ሳታውቀው ትልቅ ነገር በእጇ ይዛ ነበር። በዲቪ የሚሰጠው ቪዛ በዚያው የአሜሪካ የበጀት ዓመት ውስጥ፣ ማለት እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን መሰጠት አለበት፤ ከዚያ ቀን ካለፈ ዕጣው ዋጋ የለውም። ብዙ ቤተ ሰብ የሁሉንም ክፍያና የአውሮፕላን ዋጋ በአንድ ጊዜ ማሟላት ስለማይችል፥ «እኔ ልቅደም፤ ልጁ ይከተለኛል» ይላል። ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ሌላ ማመልከቻና ለዓመታት መጠበቅ ነው። የመጨረሻው ልጅ በእንዲህ ያለ ምክንያት የቀረ ቢሆን ኖሮ፥ «ቁመትህ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሌላ ክብደት ባገኘ ነበር። እናቲቱ የማታውቀው ቁመት በከፊል የራሷ ምርጫ ውጤት ይሆን ነበርና። አሁን እንዳለው ግን ጥፋቱ ሁሉ በሕጉ ላይ ስለ ተጣለ እርሷ ያለ ነቀፋ ቀርታለች፤ ያለ ነቀፋ የቀረ ሰው ደግሞ በልብ ወለድ ውስጥ ቀሎ ይታያል።

ሁለተኛው ጕድለት መጨረሻው ነው። እናቲቱ ፎቶግራፉን ትልካለች፤ ሦስቱ ልጆች በአንድ ሰዓት ይደውላሉ፤ ሁሉም ያለቅሳሉ፤ ልጅቱም «አሁን አብረን ነን» ትላለች። ሥራው በስምንት ገጽ ያስተማረንን እነዚህ ሁለት ገጾች ያፈርሱታል። አብረው አለመሆናቸውን ያሳየን ያ ጥላ ነበር፤ አሁን በአንድ ቃል ተሰረዘ። ከዚህም በላይ ቤይሩት ያለችው ልጅ ፎቶግራፍ ለመነሣት እንኳ እመቤቲቱ እስክትወጣ የጠበቀች ስትሆን፣ በፈለገችው ሰዓት ስልክ አንሥታ ስታለቅስ መታየቷ ከራሱ ከታሪኩ ጋር ይጋጫል።

የድርሰቱ እውነተኛ መጨረሻ አስቀድሞ ተጽፏል። እናቲቱ ጠባሳውን በቦታው፣ ጥላውን በስሕተቱ ትታ፣ ኮምፒዩተሩን ዘግታ ለሌሊት ሥራዋ ካፖርቷን የምትለብስበት ዓረፍተ ነገር ነው። የገና ዋዜማ ለጎረቤቶቿ ሁሉ ተራ የሥራ ቀን ነው፤ የፈረንጆቹ ልደት ካለፈ ከሳምንት በላይ ሆኖታልና። ደራሲዋ የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ቀድዳ ስለ መጨረሻው ልጅ መቅረት አንድ ገጽ ብትጨምር፣ ድርሰቷ በዚህ ዓመት ካነበብናቸው ልብ ወለዶች ሁሉ የሚበልጥ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።